ያልተነበበው አባሪ ሦስት

መቅደላዊት ሐብተ ማርያምን የሚያውቃት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ድምፅዋን ነው። አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ጎንደር ከተማ ውስጥ ካሉት አድባራት በአንዱ ዳዊት ሲያስተምሩ ኖረዋል። እሷም ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀምጣ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ከማንኛቸውም ቀድማ ፊደሉን ለየች። ድምፅዋ ጮክ ያለ አይደለም፤ ግን ጥርት ብሎ ወደ ኋላ ወንበር ይደርሳል፤ ቃሉን አይውጥም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሆናት ይህ ድምፅ እንጀራዋ ሆኖ ነበር። ጎንደር አጠገብ ባለችው ፀዳ ከተማ የሚገኘው የደጋ እሸት ዱቄት ፋብሪካ አክሲዮን ማኅበር የቦርድ ጸሐፊ ናት። ማኅበሩን የመሠረቱት የዳባትና የደባርቅ ገበሬዎች፣ የጎንደር ነጋዴዎች፣ ጥቂት ካህናትና መምህራን ናቸው፤ ባለአክሲዮኑ ስምንት መቶ ይሆናል። ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ወፍራሙን ዓመታዊ ሪፖርት ቁጭ ብለው የሚያነቡ አይደሉም። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በአዘዞ መንገድ ባለው የሆቴል አዳራሽ ጠቅላላ ጉባዔው ሲሰበሰብ፣ አጀንዳውን፣ ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ከመድረክ ላይ የምታነበው መቅደላዊት ነበረች። ሰዎቹ የሚወስኑት ከእሷ አፍ በሰሙት ነው።

ከሰሚዎቹ አንዷ እትዬ የትነበርሽ ነበሩ። ከዳባት በላይ ካለ ደጋ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መሬታቸውን ራሳቸው የሚያሳርሱ፣ በጎችም ያላቸው ሴት ናቸው። አርባ አክሲዮን አላቸው። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ከስብሰባው በፊትም ወደ መድረኩ ጠጋ ብለው፣

“ልጄ፣ ዛሬም አደራሽን፤ እኔ ፊደሉ አልገባኝም፤ ጆሮዬ አንቺ ነሽ” ይሏታል።

መቅደላዊት ደስ ይላት ነበር። እንዲያውም ትኮራ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ጉባዔው ሊሰበሰብ አንድ ወር ሲቀረው ነው። የውጭ ኦዲተሩ ሒሳቡን መርምሮ ሲጨርስ ለቦርዱ ሰብሳቢ ለአቶ መለሰ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤውን መዝገብ ላይ ያስገባችው መቅደላዊት ስለሆነች አነበበችው። ሰባቱ የቦርድ አባላት ከየካቲት ጀምሮ ወርሃዊ አበላቸውን ከሁለት ሺህ ወደ ስምንት ሺህ ብር በራሳቸው ውሳኔ ከፍ አድርገዋል። የዳይሬክተሮችን፣ ማለትም የቦርድ አባላቱን፣ ክፍያ የሚወስነው ደግሞ ቦርዱ ራሱ ሳይሆን የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባዔ ነው። ስለዚህ ወይ ጉባዔው ያጽድቀው፣ ወይ ገንዘቡ ይመለስ ይላል ደብዳቤው።

አቶ መለሰ ቢሮው ጠራት። የአዘዞ እህል ነጋዴ ነው፤ ሌባ የሚባል ሰው አይደለም። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ስንዴ ከየትም ከየትም አፈላልጎ ፋብሪካው አንድ ቀን እንኳ ሳይቆም እንዲሠራ ያደረገ ሰው ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

“መቅደላዊት፣ ተቀመጪ። ደብዳቤውን አይተሽዋል።”

“አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።”

“እናቀርበዋለን። አንደብቅም። የእያንዳንዳችንንም ዓመታዊ ክፍያ አብረን ከሠላሳ ሺህ ወደ መቶ ሃምሳ ሺህ እናደርገዋለን። ኑሮው እንዴት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ብቻ የጉባዔው ጥሪ ወረቀት ላይ እንዲህ ፊት ለፊት ‘የቦርድ ክፍያ’ ተብሎ ከተጻፈ ያ ሁሉ ሰው ሌላውን ነገር ትቶ እሱን ሲያኝክ ይውላል።”

“ታዲያ እንዴት ይጻፍ?”

“ስድስተኛው አጀንዳ ‘ቦርዱ ያቀረባቸውን ልዩ ልዩ ሐሳቦች ተወያይቶ መወሰን’ ይሁን። ዝርዝሩ በሪፖርቱ አባሪ ሦስት ላይ ይቀመጥ። ማንበብ የፈለገ ያነባል። የውሳኔ ሐሳቡን ስታነቢም ‘በአባሪ ሦስት ላይ በተመለከተው መሠረት ይጽደቅ’ ካልሽ ይበቃል። ሰው ይደክመዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነው የምንደርስበት።”

 ጥሪው ላይ አጀንዳው በግልጽ መጻፍ እንዳለበት ታውቅ ነበር። በጥሪው ያልተገለጸ ነገር ለውሳኔ እንደማይቀርብ ሥልጠና ወስዳበታለች፤ የሥልጠናው ወረቀት በመሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ይህን ልትናገር አፏን ስትከፍት አቶ መለሰ ቀጠለ።

“ደግሞ ያንቺን ደመወዝ ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ እዚያው ላይ ነሽ፤ ነውር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ይስተካከላል።”

ሁለቱን ነገር አላያያዘም። በአንድ ትንፋሽ አልተናገራቸውም፤ በመካከሉ ውኃ ጠጥቷል። በኋላ ግን መቅደላዊት ያንን የውኃ ብርጭቆ እያስታወሰች፣ “እሱ ባያያይዘውም እኔ አያይዤዋለሁ” ስትል ራሷን ትወቅስ ነበር። አፏን የከፈተችው ለመቃወም ነበር፤ የወጣው ግን “እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ” የሚል ነው።

ጥሪውን ራሷ ጻፈችው። ስድስተኛውን አጀንዳ ሁለት ጊዜ ጽፋ ሁለት ጊዜ አጠፋችው፤ በሦስተኛው አቶ መለሰ እንዳለው ሆነ።

በጉባዔው ቀን እትዬ የትነበርሽ ከፊት ወንበር ነበሩ። አጠገባቸው የደባርቁ አያ ክንዱ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። በጠዋቱ ነገር ሁሉ ደህና ሄደ። የቦርዱ ሪፖርት ተነበበ፣ የኦዲተሩ ሪፖርት ተነበበ፣ ጥያቄ ተጠየቀ። ትርፍ አለ፤ ነገር ግን አዲስ የወፍጮ ሞተር ስለሚገዛ ዘንድሮ ለባለአክሲዮን የሚከፋፈል አይኖርም ተባለ። ሰዉ ቅር እያለው ካርዱን አነሳ፤ ካርዱ ላይ እያንዳንዱ ሰው ስንት አክሲዮን እንዳለው ተጽፏል፤ ድምፅ የሚቆጠረው በእሱ ነው።

ከምሳ በኋላ ስድስተኛው አጀንዳ ደረሰ። አዳራሹ ሞቆ ነበር፤ ሩቅ አገር የሚመለሱት መኪና እንዳያመልጣቸው በመስኮት ይመለከታሉ። መቅደላዊት ወረቀቱን አነሳች። አባሪ ሦስት ከእጇ ሥር፣ ከዚያው ወረቀት ቀጥሎ ነበረ፤ ግማሽ ገጽ ነው፤ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

“ቦርዱ ያቀረባቸው ልዩ ልዩ ሐሳቦች በአባሪ ሦስት ላይ በተመለከተው መሠረት እንዲጸድቁ ለጉባዔው ቀርቧል” ብላ አነበበች። እዚያ ላይ ቆመች።

እትዬ የትነበርሽ ቀና ብለው አዩዋት። ተጨማሪ ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። መቅደላዊት ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። ያኔ ሴትዮዋ፣ ከዚህ በላይ የለም ማለት ነው ብለው፣ አርባ የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ካርዳቸውን ከፍ አደረጉ። አያ ክንዱም አነሱ። አዳራሹ በካርድ ተሞላ። ቦርዱም የራሱን ካርድ አነሳ፤ ማንም ምንም አላለም። የጸደቀው በሙሉ ድምፅ ነው ብላ ቃለ ጉባዔው ላይ የጻፈችውም መቅደላዊት ናት።

ደመወዟ በተባለው ወር ተስተካከለ። በጭማሪው መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የአባቷን ዓይን ማሳከም ነበር። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት መጽሐፍ መግለጥ ትተው ነበር። ኅዳር መጀመሪያ ላይ የአንደኛው ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ። ፋሻው በተፈታ በሳምንቱ ሽማግሌው በቤት ውስጥ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ያነብቡ ጀመር፤ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የመብራት ሒሳብ፣ የስኳር ከረጢት ሳይቀር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መቅደላዊት ከገበያ ስትመለስ አባቷ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ከቦርሳዋ ያወጡትን ቃለ ጉባዔ ያነብባሉ። ልትፈርምበት ወደ ቤት ያመጣችው ቅጂ ነበር።

“ሸጋ አጻጻፍ ነው” አሉ። “ግን አባሪ ሦስት የት አለ?”

“ቢሮ ነው፣ አባቴ። ብዙ ነገር አይደለም።”

“ሰዎቹ ያነሱት ካርድ በእሱ ላይ አይደለም እንዴ? ‘በተመለከተው መሠረት’ ይላል። ምን ተመለከተ?”

“የቦርዱ ክፍያ ነው።”

“ነገርሻቸው?”

ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሽንኩርት ተንከባለለ፤ ልታነሳው ጎንበስ አለች፤ ጎንበስ እንዳለችም ቆየች።

“አልነገርኳቸውም። አላነበብኩትም።”

መሪጌታ አልተቆጡም። ወረቀቱን አጠፉና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

“እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳነብ ስሳሳት ኋላ የቆመ ሰው ቃሉን ጮክ ብሎ ይጠራብኝ ነበር፤ ተመልሼ አነብባለሁ። እነዚያ ሰዎች ግን ኋላቸው ማን ቆሞላቸዋል?” አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ “ያ ጭማሪሽ … ለዓይኔ የከፈልሽው … ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው?” ብለው ጠየቁ።

“አላውቅም፣ አባቴ” አለች። ታውቅ ነበር።

ሽማግሌው ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያነብቡት እየቀነሰ ሄደ። ዓይናቸው ደክሞ ይሁን ልባቸው፣ መቅደላዊት ልትጠይቃቸው አልደፈረችም። መጽሐፉን ከፍተው በተቀመጡ ቁጥር እንዳላየች ሆና ታልፋለች።

የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት እትዬ የትነበርሽና አያ ክንዱ ፀዳ መጡ። ከዳባት በጠዋት መኪና ተሳፍረው ነው፤ ነጠላቸው አቧራ ጠጥቷል። መቅደላዊት ከመስኮት አይታቸው ወደ በሩ ወጣች።

“ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?” አሉ እትዬ የትነበርሽ። “አንድ ነገር ሰምተን ነው። የቦርድ አባል የሆነው የዳባቱ ሰውዬ ሰርግ ላይ ጠጥቶ አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ በዓመት ተወሰነልን እያለ ሲፎክር ዋለ አሉ። ማን ወሰነ? ብለን ብንጠይቅ እናንተ ናችሁ ተባልን።”

“ምነው ልጄ፣” አሉ አያ ክንዱ፣ “እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሰማሁ አይመስለኝም። ሽማግሌ ነኝ፤ ምናልባት አንቀላፍቼ ይሆናል። እሷ ግን አታንቀላፋም።”

“ቃለ ጉባዔውን ስጪን” አሉ እትዬ የትነበርሽ። “መብታችን ነው ብሎኛል አንድ ጠበቃ።”

መቅደላዊት ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ሥራውንም ደመወዙንም የወሰነለት ቦርዱ ነው፤ ስለዚህ ቦርዱን የሚያስቀይም ነገር አይወድም። “ማኅተም ያዡ የለም በያቸው። ሰኞ ይምጡ” አለ።

“ባለአክሲዮን የጠየቀውን ቃለ ጉባዔ መከልከል አንችልም።”

“አልከለከልንም፤ ሰኞ አልኩሽ።”

ሰኞ ለመምጣት ሁለቱ ሰዎች ሌላ ቀን ሙሉ መንገድ ላይ መዋል አለባቸው። መቅደላዊት ወጣች። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ ቆማ ቃለ ጉባዔውን ከነአባሪዎቹ አባዛች። ማኅተሙ በእሷ መሳቢያ ነበር፤ መታችበትና ፈረመችበት። ይህንን ማድረግ ሥልጣኗ ነበር፤ ጥቅምት ላይም “አይሆንም” ማለት ይቻላት እንደነበር ያኔ ነው ሙሉ በሙሉ የገባት።

ሁለቱን ሰዎች በግቢው ውስጥ ካለው የዕቃ መጫኛ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። ወረቀቱን ሰጥታቸው ልትመለስ ትችል ነበር። እትዬ የትነበርሽ ግን ወረቀቱን ገለባበጡና መልሰው ዘረጉላት።

“አንብቢልኝ።”

አነበበችላቸው። አባሪ ሦስትን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ቁጥሩን ሳትውጥ አነበበችላቸው። ሰባት ሰዎች። በዓመት ለእያንዳንዳቸው መቶ ሃምሳ ሺህ። በወር ስምንት ሺህ፤ እሱም ከየካቲት ጀምሮ ሲወሰድ የቆየ። ድምፅዋ እንደ ጉባዔው ቀን ጥርት ያለ ነበር፤ ይህ ራሱ አሳፈራት።

እትዬ የትነበርሽ ወረቀቱን ከእጇ ወስደው አጠፉት።

“ያን ቀን ቀና ብዬ ያየሁሽ ጊዜ፣” አሉ፣ “ይህ ወረቀት እጅሽ ላይ ነበር?”

“ነበር፣ እትዬ።”

“እያወቅሽ ነው?”

“እያወቅሁ ነው። አጀንዳውንም እንዲያ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደመወዝም ተጨምሮልኛል።”

አያ ክንዱ በትራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱ። እትዬ የትነበርሽ ግን አልጮኹም፤ አልተሳደቡም።

“እኔ እኮ ለገንዘቡ አይደለም የማዝነው” አሉ። “ሰዎቹ ደክመዋል፤ መንገድ ሲዘጋ ፋብሪካው እንዳይቆም ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ቢጠይቁኝ እሰጣቸው ነበር፤ ይህን ያህል ባይሆንም። አለመጠየቃቸው ነው። አንቺ ደግሞ …” ብለው ተዉት። ያቋረጡትን ነገር መቅደላዊት ሳምንታት ሙሉ ስትጨርሰው ከረመች፤ በየጊዜው በሌላ ቃል።

ጠበቃው አወቀ የሚባል ነው፤ ጎንደር ፍርድ ቤት አካባቢ ትንሽ ቢሮ አለው። ሁለቱ ባለአክሲዮኖች ጎንደር አድረው በማግስቱ መቅደላዊትን ይዘዋት ሄዱ፤ እሷም እምቢ አላለችም።

ጠበቃው ጥሪውንና ቃለ ጉባዔውን ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ።

“የዳይሬክተሮች ክፍያ የእናንተ ውሳኔ ነው” አላቸው። “ቦርዱ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ለራሱ መወሰን አይችልም። ጥሪው ላይ ‘ልዩ ልዩ’ ብሎ ክፍያን ማስወሰንም አይቻልም፤ ሰው በምን ጉዳይ እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። ደግሞ እዚህ ላይ ሙሉ ድምፅ ይላል፤ የቦርድ አባላቱ ለራሳቸው ክፍያ ካርድ አንሥተዋል። በጉዳዩ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በዚህ ላይ ድምፅ መስጠት አልነበረባቸውም።”

“ሥራ አስኪያጁስ?” አሉ አያ ክንዱ። “እሱም ብዙ ይበላል ይባላል።”

“የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ሌላ ነው። እሱን የሚቀጥረውም ደመወዙን የሚወስነውም ቦርዱ ነው፤ እናንተ በካርድ አትወስኑትም። ግን ቦርዱን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ቦርዱም እናንተ የመረጣችሁት ነው፤ ካልወደዳችሁት ቦርዱን ትቀይራላችሁ።”

“እና አሁን ምን እናድርግ?”

“ውሳኔውን ፍርድ ቤት ማሰረዝ ይቻላል፤ ግን ቀነ ገደብ አለው፤ ዛሬ ነገ አትበሉ። ከዚያ በፊት ግን ለቦርዱ ጻፉ። ራሳቸው ጉባዔ ጠርተው ቢያስተካክሉት ክርክር አያስፈልግም። እኛም ገንዘብ አናባክን።”

ደብዳቤውን ጠበቃው ጻፈው፤ ለባለአክሲዮኖቹ እየዞረች ያነበበችው ግን መቅደላዊት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዳባትና ደባርቅ ወጥታ፣ በገበያ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ፣ በጥቅምት ያላነበበችውን ግማሽ ገጽ ደጋግማ አነበበች። አንዳንዱ ሰው ዝም ብሎ ይፈርማል። አንዳንዱ ፊት ለፊት፣ “ያኔስ አፍሽ ተዘግቶ ነበር?” ይላታል። “አዎ” ትላለች።  አንድ ቄስ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ቆመው ሰምተዋት፣ “የዘለለ ሰው ተመልሶ ማንበቡ ደግ ነው፤ መዝለሉ ግን ተቆጥሯል” ብለው አለፉ። ይህን ለአባቷ አልነገረችም።

አቶ መለሰ ደብዳቤው ሲደርሰው ጠራት። እንዲቆጣ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ደክሞት የተቀመጠ ሰው ይመስል ነበር።

“አንቺ ነሽ የሰጠሻቸው?”

“እኔ ነኝ።”

“ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገርሽኝም? ጥቅምት ላይ ‘ጋሼ፣ አይሆንም’ ብትይኝ ኖሮ እተወው ነበር።”

መቅደላዊት ይህ እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አታውቅም። ምናልባት እውነት ነበር። ከሁሉ ይልቅ የከበዳት ይህ ነው። አንድ ቃል ይበቃ እንደነበር፣ ያ ቃልም የእሷ እንደነበረ።

“ኦዲተሩም እንዲህ ሊያልፍ አይችልም ብሎኛል” አለ አቶ መለሰ። “ጉባዔ እንጠራለን። በዚህኛው ላይ በግልጽ ጻፊው።”

ጻፈችው። “የዳይሬክተሮች ቦርድ አባላትን ዓመታዊ ክፍያና ወርሃዊ አበል መወሰን፤ ያለ ጉባዔ ውሳኔ የተከፈለው አበል እንዴት እንደሚመለስ መወሰን።” አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈችው፤ አላጠፋችውም። ለልደት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ፣ ያው አዳራሽ ሞላ። ሰው ከጥቅምቱ ይልቅ በዛ።

አባሪ ሦስትን ጠዋት፣ ገና ማንም ሳይደክም አነበበችው።  ከዚያ ግርግር ተነሣ፤ አንዱ “ቦርዱ በሙሉ ይውረድ!” ይላል፤ ሌላው “ያለ እነሱ ፋብሪካው ነበር እንዴ?” ይላል። ወለላ የተባለች የደባርቅ ነጋዴ ተነሥታ፣ ሥራ አስኪያጁ በወር ስንት እንደሚከፈለው ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬት ያያል። አቶ መለሰ ተነሥቶ ቁጥሩን ተናገረ፤ ውሳኔው የቦርዱ እንደሆነም አስረዳ። “ከእንግዲህ በየዓመቱ በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ፣ ይነበብም” አለች ወለላ። “እሺ” አለ አቶ መለሰ፤ ቃለ ጉባዔውም ላይ ተመዘገበ።

ድምፅ ሲሰጥ የሰባቱ የቦርድ አባላት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ተቀመጠ፤ አልተቆጠረም። ዓመታዊው ክፍያ ሃምሳ ሺህ፣ ወርሃዊው አበል አራት ሺህ ይሁን የሚለው ሐሳብ አለፈ፤ ሐሳቡን ያቀረቡት እትዬ የትነበርሽ ናቸው። ከየካቲት እስከ ኅዳር ከቀድሞው ሁለት ሺህ በላይ የተወሰደው፣ ለእያንዳንዱ ስድሳ ሺህ ብር፣ እንዲመለስ ተወሰነ። አቶ መለሰ በሳምንቱ መለሰ። ሰርግ ላይ የፎከረው የዳባቱ ሰው ግን ሳይመልስ ከቦርዱ ወጣሁ ብሎ ጻፈ፤ ነገሩ አሁንም በጠበቃ እጅ ነው።

ጉባዔው ሲበተን መቅደላዊት አቶ መለሰን ጠርታ፣ “ያ የእኔ ጭማሪ … እሱንም ልመልሰው?” አለችው።

“የአንቺ ደመወዝ የሥራ አስኪያጁ ጉዳይ ነው” አላት። “ቦርድም ጉባዔም አይወስንበትም። ደግሞ ይገባሻል፤ አምስት ዓመት ሙሉ አልተነካም። እንዴት ነው የምትመልሺው? ሥራሽን ሥሪ።”

ስለዚህ ጭማሪው እንዳለ ቆየ። ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም ካርድ አላነሣበትም፤ በየወሩ ይገባል። እሷ ደግሞ በየወሩ ታየዋለች። ከፊሉን ለቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት ማሳደሻ ትሰጣለች፤ ሰጥታም ቀለል አይላትም።

በዚያው ቀን፣ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ፣ እትዬ የትነበርሽን በር ላይ ጠበቀቻቸው።

“እትዬ፣ ይቅር በሉኝ።”

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። መኪናቸው ጥሩንባ እየነፋ ነበር።

“ይቅርታውን ለእግዚአብሔር ተናግረሽ ይሆናል፤ ለእኔ ጊዜ ስጪኝ” አሉ። “ደግሞ በንግግሬ አትቀየሚ፤ ለከርሞ አንድ ሰው አጠገብሽ እንዲቀመጥ ጠይቄያለሁ። ወረቀቱን እያየ የሚከተልሽ።”

“አልቀየምም።”

“ሸጋ” ብለው ወጡ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ጉባዔው ሲሰበሰብ መድረኩ ላይ ሁለት ወንበር ነበር። በሁለተኛው ላይ የዳባት አስተማሪ የሆነችው ምስጢር ተቀምጣለች፤ ራሷ አሥር አክሲዮን ያላት፣ ባለአክሲዮኖቹ የመረጧት ናት። ተመሳሳይ ወረቀት ይዛ በእርሳስ ጫፍ መስመሩን ትከተላለች። መቅደላዊት ስታነብ የእርሳሱ ጫፍ ከድምፅዋ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ መቅደላዊት በመቸኮል አንድ ቁጥር አሳስታ አነበበች። ምስጢር “ሃያ ሦስት ነው” አለች፤ በዝግታ፣ ግን ሁሉም ሰው እንዲሰማው። መቅደላዊት ፊቷ ጋለ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና አነበበችው።